ንድፉ ፒያሳ፣ ብረቱ መርካቶ

ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ ቀለበት የሚያሠራ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሚዛኑ ላይ ነው። ወርቅ ሠሪውም ይህን ያውቃል። ትንሿ ሚዛን ዜሮ ላይ መሆኗን ያሳያል፣ ወርቁን ያስቀምጣል፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቃል፣ ከዚያ ነው ስለ ዋጋ የሚወራው። ያው ደንበኛ በሳምንቱ ለወፍጮ ቤቱ ብረት ሊገዛ መርካቶ ሲወርድ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሻጩ «መቶ ኪሎ ገደማ ነው» ካለው መቶ ነው። «ውፍረቱ ሠላሳ ነው» ካለው ሠላሳ ነው። በአንድ ግራም ወርቅ ሲከራከር የነበረው ሰው አምስት ኪሎ ብረት ሲጎድልበት አያውቅም። ምክንያቱ የሞኝነት ጉዳይ አይደለም። ወርቅ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ከእጅ የማይነሳውን ብረት ግን ክብደቱን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ያላወቀ ሰው የሚከራከርበት ቁጥር የለውም።

ሁለቱ ዕቃዎች ድሮ አንድ ገበያ ላይ ይሸጡ ነበር። የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር የተዘረጋ ትልቅ ገበያ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሩቅም ከቅርብም ሕዝብ ይጎርፍበታል። ያኔ ወርቅ በወቄት ይመዘናል፤ ወቄት ደግሞ ከአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ጋር የተስተካከለ፣ በዛሬ አነጋገር 28 ግራም ገደማ ነው። ገንዘቡ ራሱ የሚዛን ድንጋይ ነበር ማለት ነው። ከ1936 እስከ 1941 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከተማዋን የያዙት ጣሊያኖች የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው ዛሬ መርካቶ የምንለው ስፍራ ላይ ተከሉት። ወርቁ አብዛኛው ፒያሳ ቀረ፤ ብረቱ ወረደ። ጣሊያኖች የብረቱንና የመሣሪያዎቹን ስምም ትተውልናል፦ ላሜራ፣ ቶንዲኖ፣ ቶርኖ፣ ፍሬዛ፣ ሞርሳ፣ ካሊብሮ፣ ኩሽኔታ። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመንም ነገሩ እንደዚያው ነበር። ንድፉ ፒያሳ ይሠራል፣ ብረቱ መርካቶ ይገዛል፣ በመካከላቸው ያለውን ቁልቁለት የሚመላለሰው ደግሞ የአውደ ጥናቱ ታናሽ ነው። ታናሹ እኔ ነበርኩ።

አውደ ጥናታችን ከዶሮ ማነቂያ ብዙም አይርቅም ነበር። አንድ ቶርኖ፣ አንድ አሮጌ ፍሬዛ፣ ሁለት ሞርሳ የተተከለበት ጠረጴዛ፤ ሌላው ቦታ ለቆመ ሰው ብቻ ይበቃል። አንድ ቀን ለወፍጮ የኩሽኔታ መቀመጫ የሚሆን ስድስት ፍሬ ብረት እንዲሠራ ታዘዘ። ንድፉ ቀላል ነው፦ ርዝመቱ 300፣ ወርዱ 200፣ ውፍረቱ 25፤ በአራቱ ማዕዘን 18 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው አራት ቀዳዳዎች። ከንድፉ ጎን ሚሊሜትር የሚል ቃል የለም፤ በማሽን ሥራ ንድፍ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ ቁጥሩ ሁሉ ሚሊሜትር ነው። እኔም ልኬቱን በወረቀት ገልብጬ፣ ክብደቱን አስልቼ፣ ገንዘቡን ተቀብዬ ወረድኩ። ብረቱን በኦክስጅን አስቆርጬ፣ 71 ኪሎ ገደማ ከፍዬ፣ በኩሊ አስጭኜ ተመለስኩ። አለቃዬ ጋሼ ካሊብሮውን አንስቶ አንዱን ቁራጭ በርዝመት፣ በወርድ፣ በውፍረት ለካው። ሦስቴ ለክቶ ቀና አለና፣

«ልጄ፣ ይኼ ያለቀ ዕቃ ነው ወይስ የሚጀመር?» አለኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ንድፉ ላይ የተጻፈው ሥራው ካለቀ በኋላ ዕቃው የሚኖረው ልክ ነው። እኔ ገዝቼ ያመጣሁት ደግሞ ያንኑ ልክ ነው፤ ፍሬዛው የሚልገው ነገር የለውም። ጠርዙ በኦክስጅን እሳት የተቆረጠ በመሆኑ ሻካራና ያዘነበለ ነው። ፊቱ ላይ የዝገትና የጥቁር ቅርፊት ጉድጓድ አለው። ያንን ለማጽዳት ከሁለቱም ፊት አንድ አንድ ሚሊሜትር ቢነሳ ውፍረቱ 23 ይሆናል፤ ንድፉ የሚለው 25 ነው። ስድስቱም ቁራጭ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ስሌቴ አልተሳሳተም ነበር፤ የተሳሳትኩት የማሰላውን ዕቃ ነው።

እንግዲህ ስሌቱን ከሥሩ እንየው። ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ብረት ምን ያህል ይመዝናል? ርዝመቱን በወርዱ፣ ያንን በውፍረቱ ስናባዛ ይዘቱን እናገኛለን፤ ይዘቱን በብረቱ እፍግታ ስናባዛ ክብደቱን እናገኛለን። እፍግታ የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን ከፊዚክስ ፈተና በኋላ ተሰናብተነዋል፤ ነገር ግን ትርጉሙ የቤት ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ውኃ ቢሞላ አንድ ኪሎ ነው። ያችው ሃይላንድ ጥቅጥቅ ባለ ብረት ብትሞላ 7.85 ኪሎ ትመዝናለች። ይኸው 7.85 የብረቱ እፍግታ ነው፤ በአንድ ኩብ ሳንቲሜትር 7.85 ግራም ማለትም ያው ነው።

ችግሩ ያለው ማባዛቱ ላይ አይደለም፤ ንድፉ በሚሊሜትር፣ እፍግታው በሳንቲሜትር መሆኑ ላይ ነው። አንድ ኩብ ሳንቲሜትር ውስጥ 1,000 ኩብ ሚሊሜትር አለ። አንድ ሳንቲሜትር 10 ሚሊሜትር ስለሆነ ሰው በ10 ወይም በ100 ማካፈል ይቀናዋል፤ መልሱም 10 ወይም 100 እጥፍ ይዛባል። ከዚህ የሚያድነው ጋሼ ያሳየኝ ልማድ ነው፤ ከማባዛትህ በፊት ሦስቱንም ልኬት ወደ ሳንቲሜትር ለውጥ። 300 ሚሊሜትር 30 ይሆናል፣ 200 ደግሞ 20፣ 25 ደግሞ 2.5።

30 × 20 × 2.5 = 1,500 ኩብ ሳንቲሜትር

1,500 × 7.85 = 11,775 ግራም፣ ማለትም 11.8 ኪሎ ገደማ

ስድስቱ 70.65 ኪሎ። እኔ ይዤው የወረድኩት ቁጥር ይህ ነበር። ትክክል መሆኑን በሃይላንድ መፈተን ይቻላል፦ 1,500 ኩብ ሳንቲሜትር አንድ ሊትር ተኩል ነው፤ አንድ ሊትር ብረት ስምንት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚጎድለው ከሆነ፣ አንድ ሊትር ተኩሉ 12 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል። በስሌት ወረቀቴ ላይ 118 ኪሎ ወይም 1.2 ኪሎ ቢወጣ ኖሮ ሃይላንዷ ወዲያው ታሳጣኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥሬው ቁራጭ እንምጣ። ጋሼ ከንድፉ ጎን ሌላ ወረቀት አስቀመጠና በእርሳስ ሳለ። ያለቀውን ዕቃ መሃል ላይ አደረገው፣ ዙሪያውን ሌላ ትልቅ ሳጥን አጠረለት። «ከመርካቶ የምታመጣው ውጪኛውን ነው» አለኝ። በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ያለው ክፍተት ፍሬዛው ልጎ ወለል ላይ የሚጥለው ፍቅፋቂ ነው። ክፍተቱ ምን ያህል መሆን አለበት? ይህ በመጽሐፍ የተቆረጠ አንድ መልስ የለውም፤ የሚወሰነው ብረቱ በምን እንደሚቆረጥ ነው። በኦክስጅን እሳት የሚቆረጥ ከሆነ ጠርዙ ከላይና ከታች እኩል ላይወርድ ይችላል፣ የታችኛው አፍ ላይ የቀለጠ ብረት ተንጠልጥሎ ይደርቃል፣ በእሳቱ አጠገብ ያለው ብረትም ይጠነክርና የፍሬዛውን ጥርስ ይበላል። ለዚህ ጋሼ በየጎኑ 5 ሚሊሜትር ይተው ነበር። በማሽን መጋዝ የሚቆረጥ ከሆነ ጠርዙ ቀጥ ያለና ቀዝቃዛ ነው፤ በየጎኑ 2 ይበቃል። የእኛ በኦክስጅን ነው፤ ስለዚህ ርዝመቱ ከ300 ወደ 310፣ ወርዱ ከ200 ወደ 210 ያድጋል። «በየጎኑ 5» ሲባል በሁለቱ ጎን 10 መሆኑን ልብ ይሏል፤ 305 በ205 ብለው የሚያዙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ውፍረቱ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ርዝመትና ወርድ ቆራጩ በፈለግነው ልክ ይቆርጥልናል፤ ውፍረት ግን ፋብሪካው ዳምጦ የጨረሰው ነው። ላሜራ ማለት ሻጩ ግቢ የተደረደረው ነው፦ 20 አለ፣ 25 አለ፣ 30 አለ። ሁለቱም ፊት ተልጎ 25 እንዲሆን 28 ቢገኝ በቂ ነበር፤ 28 ግን የለም። ስለዚህ ወደሚቀጥለው ወደ 30 መውጣት ግድ ነው።

31 × 21 × 3 = 1,953 ኩብ ሳንቲሜትር

1,953 × 7.85 = 15,331 ግራም፣ ማለትም 15.3 ኪሎ

ያለቀው ዕቃ 11.8 ኪሎ፣ ጥሬው 15.3 ኪሎ። ከንድፉ አስልቶ ገንዘብ ይዞ የሚወርድ ሰው ካሰላው በ30 በመቶ የሚበልጥ ብረት መርካቶ ይጠብቀዋል። ስድስቱ ጥሬ ቁራጮች 92 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ከዚህ ውስጥ ከ21 ኪሎ በላይ የሚሆነው አውደ ጥናቱ ወለል ላይ ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል። የሚገርመው ከዚህ አብዛኛውን የሚበላው በየጎኑ የተተወችው 5 ሚሊሜትር አለመሆኗ ነው። ውፍረቱ ነው። ከ25 ወደ 30 መውጣት ብቻውን ክብደቱን በአንድ አምስተኛ ያሳድገዋል፤ የርዝመትና የወርዱ ጭማሪ አንድ ላይ ተደምሮ እንኳ ዘጠኝ በመቶ አይሞላም። የገንዘቡ ጉዳይ ያለው ሰዎች ትንሽ ነው ብለው የሚያልፉት አጭሩ ልኬት ላይ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ንድፍ አውጪዎችን አንዳንድ ጊዜ እወቅሳለሁ። 25 ብሎ የጻፈው ሰው መርካቶ ወርዶ ቢያውቅ ኖሮ፣ መቀመጫው 22 ቢሆን የሚጎድለው ጥንካሬ አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። የማይጎድለው ከሆነ ከ25 ላሜራ ይወጣል፦ 31 × 21 × 2.5 ሲሰላ አንዱ 12.8 ኪሎ ነው፤ ከ15.3 ላይ ሁለት ኪሎ ተኩል ይቀንሳል። በስድስቱ ላይ ስንደምረው የተረፈው 15.3 ኪሎ ይሆናል፤ ልክ የአንድ ሙሉ ቁራጭ ክብደት። ወይም ደግሞ የላይኛው ፊት ብቻ መላግ ካለበት፣ የታችኛው እንደመጣ ቢቀር ምን ይላል? ይህ ሁሉ የንድፍ አውጪው ሥልጣን ነው፤ ባለፍሬዛው በራሱ ፈቃድ ሊለውጠው አይገባም። ግን ከማዘዝ በፊት አንዴ ደውሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በንድፉ ላይ ፊቶቹ መላግ እንዳለባቸው የሚናገር ምልክት አለ፤ በድሮ ንድፎች ላይ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን፣ በአሁኖቹ ላይ እንደ «ልክ ነው» ምልክት ያለ ጭረት ነው። ምልክቱ የሌለበት ፊት እንደመጣ ሊቀር የታሰበ መሆኑን ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባል።

ቀዳዳዎቹስ? አራቱ ቀዳዳዎች አንድ ላይ የሚያወጡት ብረት 200 ግራም ገደማ ነው። ያለቀው ዕቃ ምን ያህል ይመዝናል ለሚል ሰው ይቀነሳል፤ ለግዢ ግን አይቀነስም። ብረቱን የሚሸጥልን ሰው የቀዳዳውን ዋጋ አይመልስልንም፤ ቀዳዳው የሚወጣው እኛ ጋ መጥቶ ነው።

ስለ 7.85 ራሱ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ስለሆነ። ንጹሕ ብረት 7.87 ነው፤ ካርቦንና ሌላ ነገር የገባበት የተለመደው የግንባታና የማሽን ብረት 7.85 ተብሎ ይወሰዳል። የአውሮፓ ደረጃዎችም የላሜራ ክብደት ሲሰላ ይህንኑ ቁጥር እንድንወስድ ያዝዛሉ። ለስላሳው ብረት ይሁን ጠንከር ያለው የማሽን ብረት በዚህ ቁጥር ላይ የሚያመጣው ልዩነት ሚዛኑ ላይ የማይታይ ነው። የተለመደው የማይዝግ ስቴንለስ ትንሽ ከበድ ብሎ ወደ 8 ይጠጋል። ቁጥሩ በእርግጥ የሚለወጠው ዕቃው ሌላ ሲሆን ነው፦ ቀልጦ የተጣለ ብረት 7.2 አካባቢ ነው፣ አሉሚንየም ደግሞ 2.7 ብቻ። ስለዚህ በጭንቅላት ለመገመት 7.85ን 8 አድርጎ ማባዛት ችግር የለውም፤ ስህተቱ ሁለት በመቶ አይሞላም። 30 ነው የተባለው ላሜራ 29 ሆኖ ቢገኝ ግን ስህተቱ ከሦስት በመቶ ያልፋል። እፍግታውን በነጥብ ሁለት አኃዝ ጽፎ ውፍረቱን ያልለካ ሰው ጥንቃቄውን ያለ ቦታው አውሎታል።

መርካቶ ቆሞ ለሚያሰላ ሰው ደግሞ ከሳንቲሜትሩም የሚቀል መንገድ አለ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር የሆነ ላሜራ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ቁጥሩ ያው ራሱ ነው፤ ይህ አጋጣሚ ሳይሆን ሊትሩ ተዘርግቶ ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊሜትር ውኃ ቢፈስ አንድ ሊትር ይሆናልና። ስለዚህ ካሬ ሜትሩን በሚሊሜትሩ፣ ያንን በ7.85 ማባዛት ብቻ ነው። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነው ላሜራ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር 15.7 ኪሎ ይሆናል፤ የ30 ሚሊሜትሩ 471 ኪሎ። ማንም ሙሉውን ጭኖ ሽቅብ ፒያሳ አያወጣውም። የሚያስቆርጠው ለዚህ ነው።

ማስቆረጥ ራሱ ብረት ይበላል። የኦክስጅን እሳት 30 ሚሊሜትር ላሜራ ላይ ሲያልፍ ወደ 3 ሚሊሜትር የሚጠጋ መንገድ እየቀለጠ ይወጣል። ስድስቱን ቁራጭ ከላሜራው ጥግ ሦስት በሁለት አድርገን ብናስቆርጥ፣ በርዝመት 3 ጊዜ 310 እና 3 ቁርጥ፣ 939 ይሆናል፤ በወርድ 2 ጊዜ 210 እና 2 ቁርጥ፣ 426 ይሆናል። 0.939 በ0.426 ሲባዛ 0.4 ካሬ ሜትር ነው፣ በ30 ሲባዛ 12፣ በ7.85 ሲባዛ 94.2 ኪሎ። ቁራጮቹ 92፣ እሳቱ የበላው 2.2 ኪሎ። ሻጩ ከላሜራው የጎደለውን ስለሚያስከፍል የሚነግረን ዋጋ የ94.2ቱ ነው፤ ከግቢው ይዘን የምንወጣው ግን 92ቱን ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ጠብ የሚነሣው አንዱ ወገን አንዱን ቁጥር ብቻ ሲያውቅ ነው።

ሌላም የማይነገር ልዩነት አለ። ብረት ሲሸጥ ኪሎው በሁለት መንገድ ሊታወቅ ይችላል፤ በሚዛን ተመዝኖ ወይም በስም ልኬቱ ተሰልቶ። በስሌት ሲሸጥ «30 ላሜራ» የተባለው በትክክል 30 ነው ተብሎ ይቆጠራል። ፋብሪካ ያወጣው ላሜራ ግን ከስሙ ትንሽ ሊቀጥን ደረጃው ራሱ ይፈቅድለታል፤ ከተፈቀደው በላይ የቀጠነም ገበያ ላይ ይገኛል፣ በተለይ በስሱ ላሜራ ላይ። የጎደለችውን ውፍረት የሚከፍለው ገዢው ነው። ካሊብሮ ይዞ ጠርዙን መለካት ይቻላል፤ ነገር ግን ጠርዝ አታላይ ነው። የመቁረጫው ማሽን ጠርዙን ወደ አንድ ጎን ያጥፈዋል፣ የእሳት ቁርጥ ደግሞ ደርቆ የተንጠለጠለ ብረት አለው፤ ካሊብሮው ያንን ጨምሮ ያነባል። ሚዛን ግን የላሜራውን ሁሉ ውፍረት በአንድ ጊዜ ያነባል፣ ስሌቱን ወደ ኋላ ከገለበጥነው። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ፣ 1.5 ነው የተባለ ላሜራ 23.55 ኪሎ መሆን አለበት። ሚዛን ላይ ወጥቶ 20 ኪሎ ካነበበ፣ 20ን ለ15.7 እናካፍላለን፦ 1.27። 1.5 ብሎ የሸጠው ሰው የ1.27 ላሜራ አስረክቧል፤ ካሊብሮ ባይኖርም ይታወቃል።

ይህ ማስረጃ ግን ገደብ አለው። የሚዛኑ ዜሮ ካልተስተካከለ፣ ወይም መስመሮቹ በየአንድ ኪሎ ከተራራቁ፣ በ15 ኪሎ ቁራጭ ላይ የሚታየው የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ከሚዛኑ ይሁን ከብረቱ መለየት አይቻልም። ለዚህ ነው አንዱን ብቻውን ከመመዘን ስድስቱን አንድ ላይ መመዘን የሚሻለው፤ የሚዛኑ ስህተት ያው ሆኖ የብረቱ ጉድለት ስድስት እጥፍ ይታያል። ርዝመትና ወርዱም ስሌቱ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት በሜትር መለካት አለባቸው፤ ቆራጩ 310 የተባለውን 306 አድርጎ ከቆረጠው ቅጣቱ በሐሰት ውፍረቱ ላይ ይወድቃል። የተንጠለጠለውም ጠብታ በመዶሻ ይራገፍ።

ጋሼ ሁለተኛ ጊዜ ሲልከኝ በወረቀቱ ላይ የጻፈው የንድፉን ቁጥር አልነበረም። «30 ላሜራ፣ 310 በ210፣ 6 ፍሬ፣ 92 ኪሎ፤ ከቁርጡ ጋር 94» ይላል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቁራጮች ለሌላ ሥራ አስቀመጣቸው፤ ስለ እነሱ ሌላ ቃል አልተናገረኝም፣ ግን ለብዙ ወራት ከሞርሳው ሥር ተደርድረው ያዩኝ ነበር። መርካቶ ቆራጩ ሥራውን ጨርሶ ሻጩ «94» አለኝ። እኔም ቁራጮቹ ይራገፉልኝ፣ ሚዛን ላይ ይውጡልኝ አልኩ። ስድስቱ 90 ኪሎ ተኩል መዘኑ። ከወረቀቱ ጀርባ ላይ አሰላሁት፦ የአንዱ ስፋት 0.0651 ካሬ ሜትር ነው፣ በስድስት ሲባዛ 0.39፤ ያንን በ7.85 ሳባዛው 3.07፤ 90.5ን ለ3.07 ሳካፍለው 29.5 መጣ። ላሜራው ግማሽ ሚሊሜትር ቀጥኗል። ከሁለቱም ፊት 2.25 ሚሊሜትር ስለሚቀር ለሥራው ይበቃል፤ ስለዚህ ብረቱን አልመለስኩም። «የመዘነውን 90 ተኩል፣ በላዩ ላይ እሳቱ የበላውን 2.2 እከፍላለሁ፤ ሌላው የእኔ አይደለም» አልኩት። ሻጩ ወረቀቱን ተቀብሎ ገልብጦ አየው፣ መልሶ ሰጠኝ፣ 92.7 ብሎ ደረሰኝ ጻፈልኝ።

ኩሊው የጫነውን ጋሪ ከኋላ እየደገፍኩ ሽቅብ ወጣሁ። ጋሼ እንደ ፊተኛው ጊዜ ካሊብሮውን አነሣ፣ ውፍረቱን በአራት ቦታ ለካና የመጀመሪያውን ቁራጭ ፍሬዛው ላይ አሰረው።